በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊዛ፣ ሥራውስ? ለአሠሪ ቋሚ የሕክምና ሰዓት መጠየቅ

ከኩላሊት ሐኪሙ ዘንድ «ዲያሊዛ መጀመር አለብዎ» የሚለውን ቃል ሰምተው ሲወጡ፣ ብዙ ጊዜ ከሕመሙ ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ የሥራ ነገር ነው። በቂርያት ጋት በጽዳት፣ በፋብሪካ፣ በወጥ ቤት ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ የምትሠሩ እናቶችና አባቶች በዚህ ጉዳይ ላይ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁናል። ብዙዎቹ ጥያቄዎች የሚመጡት ግን ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ሰውየው ለሁለት ወር ያህል ጠዋት ጠዋት እየደወለ «ዛሬ አልመጣም» ሲል ቆይቶ፣ አለቃው ተቆጥቶ ለሺሙዓ ከጠራው በኋላ ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንነሣ።

በማሽን የሚደረገው ዲያሊዛ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱም አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዚያ ላይ የጉዞው፣ መርፌው የሚገባበትና ከወጣ በኋላ ደሙ እስኪቆም የሚጠበቅበት ጊዜ ሲደመር፣ ከቤት ወጥቶ እስኪመለሱ ስድስት ሰዓት ቢያልፍ አይግረምዎ። ቀናቱ እንደ ሐኪም ቶር በየጊዜው የሚለዋወጡ አይደሉም። ታካሚው እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ወይም ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ተብሎ ይመደባል። በቀኑ ውስጥም የጠዋት፣ የቀትርና አንዳንድ ቦታ የማታ ተራ አለ። ይህ ቋሚነት ለታካሚው ከባድ ቀንበር ቢሆንም፣ ከአሠሪ ጋር ለመነጋገር ግን ትልቁ ጉልበትዎ ነው። አሠሪ አብልጦ የሚፈራው ሳይታወቅ መቅረትን ነውና።

ወደ አለቃ ከመሄድ በፊት ሁለት ነገር ከዲያሊዛ ክፍሉ ጋር ይጨርሱ። አንደኛው፣ ለእርስዎ ሆድ ውስጥ በሚገባ ፈሳሽ የሚደረገው የቤት ዲያሊዛ ይስማማ እንደሆነ መጠየቅ ነው። እሱ ሌሊት በተኙበት በማሽን ሊደረግ ስለሚችል፣ የሚስማማው ሰው ለሕክምናው ብሎ ከሥራ የሚቀርበት ቀን በጣም ትንሽ ይሆናል። ለሁሉም አይሆንም፤ ሆዱን በቀዶ ጥገና ደጋግሞ የታከመ ወይም ቤቱ ጠባብ የሆነ ሰው ላይመቸው ይችላል። ሁለተኛው፣ የማሽኑ ከሆነ፣ ተራው ገና ሳይመደብ የሥራ ሰዓትዎን ለክፍሉ ነርስና ለማኅበራዊ ሠራተኛዋ መንገር ነው። የፈለጉትን ተራ ወዲያው ላያገኙ ይችላሉ፤ ባዶ ቦታ ሲገኝ እንዲያዛውሩዎ ግን ስምዎን ያስመዝግቡ። ብዙ ሰው ይህንን ሳይጠይቅ የተሰጠውን ተቀብሎ ይመለሳል፤ ወገኖቻችን ሐኪም ቤት ውስጥ መከራከርን እንደ ነውር ስለምናይ ይመስለኛል።

የተራው ምርጫ ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ በምሳሌ እንየው። አንዲት የ58 ዓመት እናት በአንድ ትምህርት ቤት በጽዳት ትሠራለች እንበል። ከእሑድ እስከ ሐሙስ፣ በእስራኤል ሰዓት ከ6:00 እስከ 14:00፣ በሳምንት 40 ሰዓት ነው። የዲያሊዛ ተራዋ እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከሆነ ሦስት ሙሉ የሥራ ቀን ይሄድባታል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ቢሆን ግን ዓርብ ቀድሞም የማትሠራበት ስለሆነ የሚነካው ሁለት ቀን ብቻ ነው። በእነዚያው ቀናት የቀትር ተራ ብታገኝ፣ ማመላለሻው 12:30 ላይ ሊወስዳት ቢመጣ፣ ሰኞና ረቡዕ ከ6:00 እስከ 12:00 ሠርታ ትሄዳለች። የሚጎድለው በሳምንት አራት ሰዓት ይሆናል። አራት ሰዓት 240 ደቂቃ ነው፤ እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ላይ 80 80 ደቂቃ ብትጨምር በ15:20 እየወጣች 40 ሰዓቷን ትሞላለች። ጉልበቷ ካልፈቀደ ደግሞ 36 ሰዓት፣ ማለትም 90 በመቶ ሥራ እንዲሆንላት ትጠይቃለች። ሦስት ቀን ከመቅረት ወደ አራት ሰዓት ወረደ ማለት ነው። የትምህርት ቤት የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ስሠራ ለኖርኩት ለእኔ፣ ነገሩ ሁሉ የሰሌዳ ጉዳይ ሆኖ ይታየኛል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይሠሩ። በጥያቄዎ ላይ ሥራውን ከዲያሊዛው በፊት ያድርጉት፤ «ጠዋት ታክሜ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ» ብለው ቃል አይግቡ። ከማሽኑ ሲነሡ የደም ግፊት ሊወርድ፣ ራስ ሊያዞር፣ እግር ሊሸማቀቅ ይችላል። ማመላለሻውም ይዘገያል። ሁለት ሦስት ጊዜ ያልተፈጸመ ቃል እምነት ያጠፋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ወደ ሥራ ለመድረስ ብሎ ማሽኑን ቀድሞ ማስቆም ወይም አንድ ቀን መዝለል ነው። ያልወጣው ውኃ ሳንባ ላይ ይከማቻል፤ ያልወጣው ፖታሲየም የልብን ምት ያዛባል። ሁለት ቀን ዕረፍት ከሚኖርበት ከሳምንቱ መጨረሻ በኋላ ያለው ቀን በተለይ አይነካም።

አሁን ስለ ሕመም ቀናት። በ1976 በወጣው የሕመም ክፍያ ሕግ መሠረት ሠራተኛ ለሠራበት ለእያንዳንዱ ወር አንድ ተኩል ቀን ይጠራቀምለታል፤ በዓመት 18 ቀን፣ ቢበዛ እስከ 90 ቀን። ስንት እንዳለዎ ተሉሹ ላይ ይፈልጉ፤ ካላገኙ የደመወዝ ክፍሉን ይጠይቁ። ሕጉ በመነሻው ለመጀመሪያው ቀን አይከፍልም፣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ግማሹን፣ ከአራተኛው ጀምሮ ሙሉውን ይከፍላል። የተሻለ ውል ያለባቸው የሥራ ቦታዎችም አሉ። ለዲያሊዛ ታካሚ ጥያቄው ታዲያ፣ እያንዳንዱ የሕክምና ቀን ለብቻው እንደ አዲስ ሕመም ከተቆጠረ ሁልጊዜ «የመጀመሪያ ቀን» ይሆናል የሚለው ነው። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ቀናቱ እንዴት እንደሚመዘገቡ በጽሑፍ እንዲነግሩዎ ይጠይቁ። ክፍያው የተስተካከለ ቢሆን እንኳ ቀናቱ ያልቃሉ። 90 ቀን ያጠራቀመ ሰው በሳምንት ሦስት ቢጠቀም፣ በመሐል የሚጨመረውን ትተን፣ በ30 ሳምንት ይጨርሳል። ዲያሊዛ ደግሞ በሰባት ወር የሚያልቅ ሕክምና አይደለም። የሕመም ቀናቱን ለጉንፋን፣ ለቀዶ ጥገናና ለክፉ ቀን ማቆየት፣ ዲያሊዛውን ግን በሰዓት ማስተካከል የሚሻለው ለዚህ ነው።

የሰዓት ማስተካከያን የመጠየቅ መብት የሚመጣው ከሌላ ሕግ ነው። በ1998 የወጣው የአካል ጉዳተኞች እኩልነት ሕግ፣ አሠሪ ለእንዲህ ያለ ሠራተኛ «ሃትአማ» የሚባለውን ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ የሥራ ሰዓትን መለወጥም በዚያ ውስጥ ይገባል። የተወው በር አንድ ነው፤ ማመቻቸቱ ለአሠሪው ከመጠን ያለፈ ሸክም ከሆነ። እንግዲህ የተመጠነ፣ የተሰላ ሐሳብ ይዞ የሚመጣ ሠራተኛ ያንን በር አስቀድሞ ያጠበዋል። ከላይ ያለችው እናት «አራት ሰዓት፣ በሌላ ቀን የሚተካ» ስትል ሸክም ነው ለማለት ይከብዳል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ልጆችዎ ወደ ዕብራይስጥ ሲመልሱት ይህንን መልክ ይያዝ፦

«ለሥራ ኃላፊው፣ ግልባጭ ለደመወዝ ክፍል። ጉዳዩ፦ ለቋሚ ሕክምና የሥራ ሰዓት ማስተካከያ ስለመጠየቅ። ከዚህ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ሊቀር የማይችል ሕክምና አለኝ። ስለዚህ ሰኞና ረቡዕ ከ6:00 እስከ 12:00፣ እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከ6:00 እስከ 15:20 እንድሠራ እጠይቃለሁ። በበዓላት ሳምንት የሕክምናው ቀናት ሊዛወሩ ስለሚችሉ፣ እንደታወቀ አስቀድሜ አሳውቃለሁ። ይህ አሠራር ከሦስት ወር በኋላ አብረን እንድናየው ፈቃደኛ ነኝ። የሕክምና ክፍሉ ኢሹር ተያይዟል። መልሱን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።»

የበዓላቱን ዐረፍተ ነገር አይዝለሉት። በቲሽሬ በዓላት ሰሞን ክፍሎቹ ተራ ሲያዛውሩ፣ ቋሚ የተባለው ሰሌዳ ይፈርሳል፤ አስቀድሞ ያልተነገረው አለቃም «ዋሽታኛለች» ይላል። ኢሹሩ ላይ ቀናቱ፣ ሰዓቱና ሕክምናው ቀጣይ መሆኑ ይጻፍ። የሕመሙ ስም እንዲወጣ ካልፈለጉ ለሐኪሙ ይንገሩ። ያው ማመቻቸቱን በሕግ ስም ሲጠይቁ ግን የሆነ ያህል ማስረዳት ይመጣል፤ ለማን እንደሚነግሩ ይምረጡ፤ የደመወዝ ክፍሉ ማወቁ መላው የሥራ ቦታ ማወቁ አይደለም።

የመርፌው መስመር በተሠራበት ክንድ ከባድ ነገር መሸከም ስለማይገባ፣ ባልዲና ሣጥን የሚያነሡ ሰዎች ከኩፓት ሖሊም የሥራ ሐኪም፣ «ሮፌ ታዓሱካቲ» ዘንድ ይሂዱ። ሊሠሩ የሚችሉትንና የማይችሉትን እሱ ሲጽፈው ከአለቃ ጋር ክርክር ይቀንሳል።

ደብዳቤውን የሚሰጡት ለማን ነው? በኮንትራት ድርጅት በኩል የሚሠሩ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ወይም ለፋብሪካው ፎርማን ነግረው «ፈቅዶልኛል» ይላሉ። አሠሪዎ ስሙ ተሉሹ ራስ ላይ የተጻፈው ድርጅት ነው፤ ደብዳቤው ለእሱ፣ ግልባጩ ለቦታው ኃላፊ ይሂድ። በአንዱ ቅጂ ላይ «ሂትካቤል»፣ ማለትም ደርሶኛል ተብሎ ቀንና ፊርማ ይደረግበት። ካልፈረሙ ፎቶ አንሥተው በዋትሳፕ ወይም በኢሜል ይላኩ።

እምቢ ከተባሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከዚያም ወደ ቫዓድ ኦቭዲም ወይም ሂስታድሩት፣ ወይም በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ወዳለው የአካል ጉዳተኞች እኩል መብት ኮሚሽን ይውሰዱት። ለሺሙዓ ቢጠሩ ደብዳቤውንና ኢሹሩን ይዘው፣ ዕብራይስጥ የሚችል ሰው አስከትለው ይግቡ። በሕመም ምክንያት የቀረን ሠራተኛ፣ የተጠራቀመው የሕመም ቀን ሳያልቅ በዚያ መቅረት ጊዜ ማሰናበት በሕግ የተከለከለ ነው።

ፊዚዮቴራፒ በአንጻሩ ቀላል ነው። አንድ ቶር አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ተከታታዩም ያልቃል። ስለዚህ ሙሉ የሕመም ቀን አያጥፉበት፤ የኩፓት ሖሊሙን ጸሐፊ የቀኑን የመጨረሻ ቶር በአንድ ቋሚ ቀን፣ ለምሳሌ ዘወትር ማክሰኞ 15:00 ላይ፣ ለሁሉም ጊዜ በአንድ ላይ እንድትይዝ ይጠይቁ። የቶሮቹን ዝርዝር አሳትመው ከደብዳቤው ጋር ያያይዙ። ደብዳቤው ላይ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን ይኑር።

ገቢ ከቀነሰ ደግሞ የዲያሊዛ ክፍሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ በብቱዋሕ ለኡሚ የአካል ጉዳት አበልና «ሼሩቲም ሜዩሓዲም» የሚባለውን ማመልከቻ ትሞላለች። እየሠሩም ማመልከት ይቻላል። የጡረታ ዕድሜ ከመድረሱ በፊት ያስገቡት፤ የጉዞ ወጪውንም ከኩፓት ሖሊም ለመጠየቅ እንድትረዳዎ በዚያው ቀን ይንገሯት።