«ክፈት» እና «ክፈች»፦ አንድ ድምፅ እንዴት ሁለት ሆነ?



«መጣ» እና «መታ» የሚለያዩት በአንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ በአንደኛው ጠ፣ በሌላኛው ተ በዚያው ስፍራ ይገኛሉ። ድምፁ ሲለወጥ ፍቺው ስለተለወጠ፣ ጠ እና ተ በአማርኛ ሁለት ፎኒሞች ናቸው። እንዲህ ያሉ ቃላትን ንኡስ ጥንድ እንላቸዋለን።

የበ ጠባይ ግን ከዚህ ይለያል። «በሬ» ስንል ከንፈሮቻችን ፈጽመው ይገጥማሉ፤ «አበባ» ስንል ግን በአናባቢዎች መካከል ያለው በ ላልቶ፣ ከንፈሮቹ ሳይገጥሙ ሊያልፍ ይችላል። በሁለቱ አነጋገሮች ልዩነት ብቻ የሚለያይ ንኡስ ጥንድ አይገኝም፤ የትኛው እንደሚነገር የሚወስነው አካባቢው ነውና። ተናጋሪው ምርጫ በሌለው ቦታ ድምፁ ፍቺ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ሁለቱ የአንድ ፎኒም አሎፎኖች ናቸው። ኒኮላይ ትሩቤትስኮይ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1939 በታተመው መጽሐፉ ይህንን መለያ በሕግ መልክ አስቀምጦታል። በአንድ አካባቢ የማይገናኙ ድምፆች የአንድ ፎኒም መልኮች ናቸው ለማለት በድምፅ መዛመዳቸውንም ይጠይቃል።

ታዲያ አካባቢው ቢጠፋስ? መልሱ በራሳችን ቋንቋ ታሪክ ውስጥ አለ። በግእዝ ሴትን ስናዝዝ በግሱ መጨረሻ ኢ ይጨመራል፤ «ንግር» ለወንድ፣ «ንግሪ» ለሴት ነው። አማርኛም ረ ስለማይለወጥ «ንገር» እና «ንገሪ» ይላል። ተ ግን በኢ ፊት ወደ ቸ ተለወጠ። በዚያ ደረጃ «ክፈት» እና «ክፈቺ» በሁለት ነገር ይለያሉ፤ ቸ የመጣው በኢ ምክንያት ስለሆነ ገና የተ አሎፎን ነው፤ ፍቺውን የሚለየው ኢ ነው።

ቀጥሎ በብዙ አነጋገር ኢ ወደቀ፤ «ክፈት» እና «ክፈች» ብቻ ቀሩ። የለወጠው ሄዶ ለውጡ ቀረ። አሁን ወንድንና ሴትን የሚለየው ያ ተነባቢ ብቻ ስለሆነ፣ ንኡስ ጥንድ ተገኘ። «ሂድ» እና «ሂጅ»፣ «ልበስ» እና «ልበሽ» እንዲሁ ናቸው።

«ክፈቺ» ዛሬም የሚነገር ስለሆነ፣ ቸ አሁንም የኢ ውጤት ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን «ቲማቲም» የተሰኘውን የውሰት ቃል «ቺማቺም» አንለውም። ተ በኢ ፊት ሳይለወጥ ከቆመ፣ ኢ ብቻውን ቸን ሊያስረዳ አይችልም።

ፊደላችንም ይህን ዝምድና በቅርጹ ይዞታል፤ ቸ ከተ፣ ጀ ከደ፣ ሸ ከሰ ላይ በተጨመረ ምልክት የተሠሩ ናቸው። ለላላው በ ግን የተለየ ፊደል አላስፈለገም፤ አንባቢው አካባቢውን አይቶ ያውቀዋልና።