ሳያናይድ አመንጪ ስኳር፦ መራራው ካሳቫ መርዙን የሚለቀው መቼ ነው?

ኬሚስቶች «ሳያኖጄኒክ ግሉኮሳይድ» የሚሉትን በአማርኛ «ሳያናይድ አመንጪ ስኳር» ልንለው እንችላለን። ከስኳር ጋር ተጣብቆ የታሰረ ሳያናይድ ነው። በካሳቫ ውስጥ የሚገኘው ዋነኛው ዓይነት ሊናማሪን ይባላል።

ሥሩ ሳይጎዳ ሲቆይ ሊናማሪንና እሱን የሚሰብረው ሊናማሬዝ የተባለ ኢንዛይም ተለያይተው ይቀመጣሉ። ሥሩ ሲወቀጥ፣ ሲፋቅ ወይም ውኃ ውስጥ ሲበሰብስ ይገናኛሉ፤ ሳያናይዱም ተለቆ ይተናል። መቀቀል ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። ትልልቅ ቁራጭ የፈላ ውኃ ውስጥ ሲገባ ኢንዛይሙ ቶሎ ይሞታል፣ ሊናማሪኑ ግን ሙቀቱን ችሎ ይቀራል። ጣፋጩ ካሳቫ የሊናማሪን መጠኑ አነስተኛ ስለሆነ ተልጦና በደንብ ተቀቅሎ ይበላል፤ መራራውን ግን እንዲህ መብላት አደጋ ነው። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ የሊናማሪኑ መጠን ይጨምራል።

በኮንጎ ባንዱንዱ አካባቢ መራራው ሥር ተልጦ ሦስት ቀን ያህል ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ በፀሐይ ደርቆ ይፈጫል። በቂ ጊዜ የቆየ ሥር በእጅ ሲጫኑት ይፈርሳል፤ ጠንካራ ከሆነ ገና ነው። ወደ ኪንሻሳ የሚወስደው መንገድ ሲሻሻል ግን ገበያው አጣደፈ፤ አንዳንዱ ቤተሰብ መዘፍዘፉን ወደ አንድ ቀን አሳጠረው። በነዚህ መንደሮች ኮንዞ የሚባለው ድንገተኛ የእግር ሽባነት ታየ። በተለይ የተጠቁት ሕፃናትና በመውለጃ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ናቸው። ሰውነት ሳያናይድን የሚያረክሰው በፕሮቲን ውስጥ ባለው ድኝ ስለሆነ፣ ባቄላም ሥጋም በማይገኝበት ገበታ ጉዳቱ ይከፋል።

ዱቄቱ ከተፈጨ በኋላም ቢሆን የመጨረሻ ዕድል አለ። የአውስትራሊያው ኬሚስት ሃዋርድ ብራድበሪና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት «ማርጠብ» ቀላል ዘዴ ነው። ዱቄቱን ሳህን ውስጥ ጨምረው ከፍታው የደረሰበት ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ውኃ እየጨመሩ ሲያማስሉት መጀመሪያ ዝቅ ይላል፤ እርጥቡ ዱቄት ተመልሶ ምልክቱ ላይ ሲደርስ ውኃ መጨመር ያቆማሉ። ከዚያ ከ1 ሴንቲሜትር ባልበለጠ ውፍረት ምንጣፍ ላይ ዘርግተው ፀሐይ ላይ 2 ሰዓት፣ ጥላ ውስጥ ከሆነ 5 ሰዓት ያቆዩታል። በዱቄቱ የቀረው ኢንዛይም ሥራውን ይጨርሳል፤ ጋዙም ይወጣል። ውፍረቱ ሲጨምር ጋዙ ታፍኖ ይቀራል፣ ስለዚህ እዚህ ላይ መቻኮል አያዋጣም። ዱቄቱም በዚያው ቀን ይበስላል፤ ካደረ ይበላሻል።

የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለካሳቫ ዱቄት የሚፈቅደው የሳያናይድ መጠን በኪሎ ግራም 10 ሚሊ ግራም ነው። ማርጠቡ የሚያገለግለው ለመከላከል ብቻ ነው፤ አንዴ ኮንዞ የያዘው ሰው ሽባነቱ አይለቀውም።