የሚጋጩ ሁለት የጦርነት ምንጮችን በፈተና መልስ ማነጻጸር፦ የወላይታ ዘመቻ

የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በ1887 ዓ.ም. በካዎ ጦና ላይ ያካሄደውን የወላይታ ዘመቻ የሚገልጹ ሁለት ምንጮች አሉ። አንደኛው ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት ዜና መዋዕል ነው። ሁለተኛው ከዘማቹ ሠራዊት ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊ ቫንደርሄይም በ1896 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ያሳተመው የጉዞ ማስታወሻ ነው።

ተፈታኙ አስቀድሞ የሚስማሙበትን ይለያል፤ ጦና አልገብርም ማለቱንና ቆስሎ መማረኩን ሁለቱም ይናገራሉ። ፈረንጁ ዘመቻውን በ1894 ቢጽፍ ግጭት አይደለም፤ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው።

ቀጥሎ ልዩነቱ ይነሣል። ዜና መዋዕሉ ለደረሰው እልቂት የጦናን እምቢታ ተጠያቂ ሲያደርግ፣ ተጓዡ በዓይኑ ያየውን ግድያና ዘረፋ አጉልቶ ይተርካል።

«የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ስለሆነ ይዋሻል» ብሎ ማለፍ ነጥብ ያሳጣል። የተሻለው መልስ እንዲህ ይላል፦ «ዜና መዋዕሉ ቤተ መንግሥቱ ዘመቻውን በምን ምክንያት ትክክል እንዳደረገው ያስረዳል፤ በጦር ሜዳው ለሆነው ግን የዓይን ምስክሩ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ሆኖም እርሱም የሚያውቀው በተጓዘበት በኩል ያየውን ብቻ ነው።»

በመጨረሻም ሁለቱም ከአሸናፊው ወገን ሆነው የተጻፉ መሆናቸው ይጠቀሳል። ስለዚህ መስማማታቸው ብቻውን የተሟላ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የጦናን ውሳኔ ለመረዳት የወላይታ አፈ ታሪክ በሦስተኛ ምንጭነት ያስፈልጋል።