«ፓሮል» እና አመክሮ፦ አንድ የሕግ ቃል ሳይተረጎም የሚቀርበት ምክንያት

በሜሪላንድ ግዛት፣ ሀያትስቪል ከተማ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት አለ። በዚያ አካባቢ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ባለጉዳዮች የሚጻፉ የማብራሪያ ደብዳቤዎች በአማርኛ ይጀምሩና መሐል ላይ «ፓሮል» የሚለውን ቃል እንዳለ ያስቀምጣሉ። ለቋንቋው የሚቆረቆር አንባቢ ይህን እንደ ስንፍና ሊቆጥረው ይችላል። የቃሉ ታሪክ ግን ሌላ ፍርድ ይሰጣል።

የኢትዮጵያ ሕግ አውጪዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ከ60 ዓመታት በፊት ገጥሟቸው ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በፈረንሳውያን ምሁራን ተረቆ ወደ አማርኛ ሲመለስ ሦስት መንገዶችን ተከትሏል። «ቼክ» በባዕድ ድምፁ ቀረ። «የሐዋላ ወረቀት» ከዐረብኛ የመጣውንና ነጋዴው አስቀድሞ የሚያውቀውን ቃል ያዘ። «የተስፋ ሰነድ» ደግሞ ፍቺው ተተርጉሞ የተሠራ ስያሜ ሆነ። ሦስቱም የሠሩት በሀገሪቱ ሕግ ውስጥ ስለ ተደነገጉ ነው፤ ዳኛውም ባንኩም ባለዕዳውም የሚያነቡት ያንኑ ቃል ነበር።

የ«አመክሮ» መንገድ ከእነዚህ ይለያል። ቃሉ መፈተንን ከሚያመለክተው የግእዝ ሥር የወጣ ሲሆን፣ በገዳም ሕይወት ለምንኩስና የሚዘጋጅ ሰው የሚፈተንበት ዘመን መጠሪያ ነው። ዘመናዊው የወንጀል ሕግ ይህን ቃል ወስዶ፣ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ የፈጸመና ጠባዩን ያሳመረ እስረኛ በገደብ የሚለቀቅበትን ሥርዓት ሰየመበት። ስለዚህ ዛሬ አንድ ኢትዮጵያዊ «አመክሮ» ሲል የሚታየው እስር ቤትና ፍርደኛ ነው። የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ለ«ፓሮል» «አመክሮ» የሚል ፍቺ ቢሰጥ፣ ስለ ወንጀል ሕግ እስከሆነ ድረስ ትክክል ነው።

የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን በዚሁ ቃል ሌላ ነገር ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ፣ ቪዛ የሌለውን ሰው መንግሥት በአስቸኳይ ሁኔታ ለጊዜው እንዲያስገባ ሥልጣን ሰጠ፤ ስሙንም ፓሮል አለው። እ.ኤ.አ. ከ1956ቱ አመጽ በኋላ የሸሹ በርካታ ሃንጋሪያውያን የገቡት በዚህ በር ነው። እዚህ ወንጀልም እስራትም የለም። በፓሮል የገባ ሰው በአካል አሜሪካ ውስጥ ቢሆንም፣ በሕግ ዓይን ገና መግቢያ እንደሚጠይቅ ሰው ይቆጠራል። ይህን ሁኔታ «አመክሮ» ብሎ መተርጎም ባልተከሰሰ ሰው ላይ የፍርደኛ ስም ይለጥፋል። «የመግቢያ ፈቃድ» ማለትም ሕጉ ያልሰጠውን መብት ይጨምርለታል።

ስሕተቱ ጉዳት የሚያደርሰው በተግባር ነው። የጥገኝነት ማመልከቻዋ በኢሚግሬሽን አገልግሎት ዘንድ ያለ፣ ውሳኔ ያላገኘችና ፍርድ ቤት ያልቀረበች ሴትን እናስብ። እናቷ ናይሮቢ ታመዋልና መሄድ ትፈልጋለች። «የጉዞ ሰነድ አስቀድመሽ አውጪ» የሚል የአማርኛ መልስ ይደርሳታል። የምትሞላው ቅጽ I-131 ነው፤ ይህ አንድ ቅጽ ግን በርካታ ሰነዶችን ያስተናግዳል። ለቋሚ ነዋሪ Reentry Permit፣ ጥገኝነት ለተፈቀደለት ሰው Refugee Travel Document፣ እንደ እርሷ ውሳኔ ለሚጠብቅ ደግሞ Advance Parole Document አለ። በአማርኛ ሦስቱም «የጉዞ ሰነድ» ናቸው። ሁለተኛውን ብትመርጥ ገና ያላገኘችውን መብት ጠይቃለች። ሦስተኛውን ሳትይዝ ብትወጣ ማመልከቻዋን እንደተወችው ይገመታል። ይዛ ብትወጣም እንኳ፣ አሳደደኝ ወዳለችው ሀገር ከተመለሰች ያው ግምት ይከተላታል፤ ለመመለሷ አስገዳጅ ምክንያት ማስረዳትም ይጠበቅባታል።

ጥሩ መልስ እንዲህ ይጻፋል፦ «ከመውጣትሽ በፊት አድቫንስ ፓሮል፣ ማለትም ውሳኔ እየጠበቀ የሚጓዝ ሰው ተመልሶ ድንበር ላይ እንዲቀርብ የሚያስችል የቅድሚያ ፈቃድ፣ በእጅሽ መግባት አለበት። በቅጹ ላይ Advance Parole Document የሚለውን ምረጪ።» ቃሉ በመጀመሪያ ሲነሳ በአማርኛ ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ደብዳቤው መጨረሻ በአንድ አጻጻፍ ይጸናል። አንድ ጊዜ «ፓሮል»፣ ሌላ ጊዜ «ፈቃድ»፣ ቀጥሎ «ሰነድ» ከተባለ አንባቢዋ ሦስት ነገር የተነገራት ይመስላታል።

ይህ ማለት እንግሊዝኛው ሁሉ ይቅር ማለት አይደለም። «ጥገኝነት»፣ «ይግባኝ»፣ «ቀጠሮ» አማርኛቸው የጸና ነው፤ በእነርሱ ቦታ የእንግሊዝኛውን ድምፅ መጻፍ ደብዳቤውን ያከብደዋል እንጂ የሚጨምረው ነገር የለም። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ባለጉዳይዋ ይህን ቃል ነገ በቅጽ፣ በካርድ ወይም በዳኛ አንደበት በእንግሊዝኛ ታገኘዋለች? የአማርኛው አቻስ ሌላ የሕግ ትርጉም ተሸክሟል? ለሁለቱም መልሱ አዎ ከሆነ፣ ቃሉ በነበረበት ይቆያል፤ ፍቺው ብቻ አማርኛ ይሆናል።