«ይለወጥልኝ» ወይስ «ይታረምልኝ»?

ልጄ በ2010 ዓ.ም. ሲወለድ ስሙን ብሩክ አልነው። የልደት ምስክር ወረቀቱ ግን «ቡሩክ» ይላል። ጥፋቱ የራሴ ነው። መዝገቡ ላይ ስፈርም ዓይኔ ያረፈው በእኔና በባለቤቴ ስም ላይ እንጂ በልጁ ላይ አልነበረም። ለዓመታት ወረቀቱ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ፣ ልጁን ለሕክምና ወደ ውጭ ለመውሰድ ፓስፖርት ልናወጣ ስንል የሆስፒታሉ ማስረጃና የልደት ምስክር ወረቀቱ ሳይገጥሙ ቀሩ።

ሳንሱሲ ያለው ጎረቤቴ «ቡሩክ እኮ ግዕዙ ነው፤ ምን ጎደለው?» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። ችግሩ ፓስፖርቱም ሆነ ፋይዳው በወረቀቱ ላይ ያለውን ፊደል ተከትለው መሠራታቸው ነው። በአገራችን የስም አጠራር ደግሞ የአንድ ሰው ስም ለልጆቹ የአባት ስም፣ ለልጅ ልጆቹ የአያት ስም ሆኖ ይቀጥላል። ዛሬ ያልታረመ አንድ ፊደል ነገ ሌላ ሦስት ሰው ያንከራትታል።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩት «የልጄ ስም ከቡሩክ ወደ ብሩክ እንዲለወጥልኝ» ብዬ ነበር። መዝገብ ቤት የነበረችው ሠራተኛ አንብባ መለሰችልኝ። «ጋሼ፣ ስም መለወጥ ከሆነ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዘው ይምጡ። የእርስዎ ግን ለውጥ ነው ወይስ እርማት?» አለችኝ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ለውጥ ማለት ትክክል ሆኖ የተመዘገበውን ስም ትቶ ሌላ መያዝ ነው። እርማት ግን ከመጀመሪያውም ልጁ የነበረውን ስም መዝገቡ በስህተት እንደያዘው አሳይቶ ማስተካከል ነው። ስለዚህ ደብዳቤው አዲስ ስም አይጠይቅም፤ የቀድሞውን ስም ያስረዳል።

ማስረዳት የሚቻለው ደግሞ በሰዋስው ክርክር አይደለም። ሁለቱም አጻጻፍ ያስኬዳልና ሠራተኛዋ የትኛው ትክክል እንደሆነ ከቋንቋ ተነስታ ልትወስን አትችልም። የሚወስነው የወረቀት ዕድሜ ነው። ከምዝገባው በፊት የተሰጠ ማስረጃ «ብሩክ» የሚል ከሆነ ስህተቱ በምዝገባ ጊዜ እንደገባ ይታያል። እኔ ሆስፒታሉ የሰጠው የልደት ማሳወቂያና የአርባ ቀኑ የክርስትና ካርድ ነበሩኝ። የትምህርት ቤት ካርድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደካማ ነበር፤ ከምዝገባው በኋላ የመጣ ነውና አባትየው ሐሳቡን ቀይሮ ያስጻፈው ሊመስል ይችላል። ቀደምት ማስረጃ የሌለው ሰው ፍርድ ቤት መሄድ ሊኖርበት ይችላል።

ሁለተኛው ደብዳቤ ይህን ይመስል ነበር፦

ቀን፦ ........
ለኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ወረዳ .... የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽ/ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በልደት መዝገብ ላይ የተፈጠረ የስም ፊደል ስህተት እንዲታረም ስለመጠየቅ

በምዝገባ ቁጥር ........ የተመዘገበው ልጄ ስሙ «ብሩክ» ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው ፊደል «ብ» መሆን ሲገባው «ቡ» ተብሎ ተጽፏል። ከምዝገባው በፊት የተሰጡት የሆስፒታል የልደት ማሳወቂያና የክርስትና ካርድ ትክክለኛውን ስም ያሳያሉ። የአባት፣ የአያትና የእናት ስም እንዲሁም የልደት ቀን ትክክል ስለሆኑ የሚነካ ነገር የለም። ስለሆነም ስህተቱ በመዝገቡ ላይ በአማርኛውም በእንግሊዝኛውም ታርሞ አዲስ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠኝ እየጠየቅሁ፣ የቀድሞውን ዋናውን ምስክር ወረቀት የምመልስ መሆኑን እገልጻለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የአመልካች ስም፣ ፊርማና ስልክ
አባሪ፦ 4 ገጽ

«በመዝገቡ ላይ» የሚለውን ቃል አስምሬበታለሁ። ምስክር ወረቀት ከመዝገብ የሚወጣ ግልባጭ ነው፤ ወረቀቱ ብቻ ተስተካክሎ መዝገቡ ከቀረ፣ ከዓመታት በኋላ ምትክ ሲጠየቅ ያው «ቡሩክ» ተመልሶ ይወጣል። የእንግሊዝኛውን ዓምድም የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ ፓስፖርት ላይ የሚያርፈው ግን እሱ ነው። በሌላ በኩል የማይነኩትን ስሞች በግልጽ መጥቀሱ ጉዳዩ የሰው ማንነት መቀየር እንዳልሆነ ለሚያነበው ሰው ያሳያል።

ደብዳቤው የሚገባው መዝገቡ ላለበት ወረዳ እንጂ ዛሬ ለሚኖሩበት አይደለም። ከሳንሱሲ ወደ ቡራዩ አሻግሮ ቤት የሠራ ወዳጄ ይህን ባለማወቁ ሁለት ቀን ተመላልሷል። ሲያስገቡም በሁለት ቅጂ ይሁን፤ በእርስዎ ቅጂ ላይ ቀንና የገቢ ቁጥር ያስጽፉ። ከዚያ በኋላ «ደብዳቤዎ አልደረሰንም» የሚል ነገር ቢነሳ የሚያሳዩት እሱን ነው።

አዲሱ ወረቀት ሲሰጠኝ ቆሜ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ሠራተኛዋ ፈገግ ብላ «አሁን ይፈርሙ» አለችኝ።