ዝም ያለ ቤት የለም፦ የሬዲዮ ቃለ ምልልስ ሲቆረጥ የሚፈጠረው ክፍተት በምን ይሞላል?

በሬዲዮ ቃለ ምልልስ የሚያዳምጥ ሰው፣ በንግግሩ መካከል ድንገት ጭልጥ ያለ ጸጥታ ቢያጋጥመው እጁን ወደ ሬዲዮው ይሰዳል። ባትሪው ያለቀ ወይም ሥርጭቱ የተቋረጠ ይመስለዋል። እጁ ሳይደርስ ድምፁ ተመልሶ ይቀጥላል። ክፍተቱ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ ባይሞላ ጆሮ አያልፈውም። በዚያ ቦታ አንድ ነገር ተቆርጦ ወጥቷል፤ በምትኩ የገባ ነገር ግን የለም።

ተናጋሪው ራሱ ትንፋሽ ሊወስድ ዝም ሲል እንዲህ ያለ ስሜት አይፈጠርም። ሰው ዝም ቢልም ቤቱ ዝም አይልምና። የቆርቆሮ ጣሪያ ፀሐይ ሲያገኘው ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ ከግቢው ዶሮ ይጭራል፤ ከሩቅ ውሻ ይጮኻል። በከተማ ቤት ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፤ ከመንገድ የባጃጅ ድምፅ ይገባል። መቅረፀ ድምፁም የራሱ ስስ ሽሽታ አለው። አድማጭ ይህን ሁሉ ልብ ብሎ አይሰማውም፤ ሲጠፋ ግን ወዲያው ያውቃል። በኮምፒውተር ላይ ተቆርጦ ባዶውን የተተወ ቦታ በውስጡ ምንም የለበትም። እንዲህ ያለ ፍጹም ጸጥታ ደግሞ በሰው መኖሪያ ውስጥ አይገኝም።

ይህ ችግር የሬዲዮ ብቻ አይደለም። በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚነጋገሩ ሰዎች አንዳቸው ዝም ሲሉ፣ ስልኩ ለዝምታው ብዙ መረጃ ማስተላለፉን ይቀንሳል። በሌላው ጫፍ ያለው ስልክ ደግሞ ራሱ ለስላሳ ሽሽታ ፈጥሮ ያሰማል። ይህ ባይሆን ኖሮ ሰሚው መስመሩ የተቋረጠ መስሎት በየጊዜው «አለህ?» ይል ነበር።

በድምፅ ቅንብር ሥራ ክፍተቱን የሚሞላው ከዚያው ቦታ አስቀድሞ የተቀዳ ዝምታ ነው። ባለሙያዎች ሩም ቶን ይሉታል፤ በዚህ ጽሑፍ የክፍል ድምፅ ተብሏል። የአንዱ ቤት ለሌላው አይሆንም። የጭቃ ቤት፣ የብሎኬት ቤትና ባዶ አዳራሽ ሦስት የተለያዩ ዝምታዎች አሏቸው። አንድ ቤት እንኳ ጠዋትና ማታ አንድ ዓይነት አይደለም።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ መከተል ይቻላል። ጋዜጠኛ ስለ ጎተራ ነቀዝ ለመጠየቅ ወደ አንድ ገበሬ ቤት ይሄዳል እንበል። ቤቱ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ አለው። ቃለ ምልልሱ 14 ደቂቃ ፈጅቷል፤ ለሥርጭት የሚያስፈልገው ግን 4 ደቂቃ ነው። ጥያቄው እንዳለቀ ጋዜጠኛው መቅረፀ ድምፁን አያጠፋም። ማይክሮፎኑን ከነበረበት ሳያነሳ፣ የቀረጻውን መጠን ሳይነካ፣ «አሁን አንድ ደቂቃ ሁላችንም ዝም እንበል፤ የቤቱን ድምፅ እቀዳለሁ» ይላል።

በዚህ ጊዜ ከቤቱ የሚወጣ ሰው መኖር የለበትም። የሰው ገላ፣ ጋቢና ነጠላ ድምፅ ይመጥጣሉ። አምስት ሰዎች የነበሩበት ቤት አንድ ሰው ብቻ ሲቀር ይበልጥ ያስተጋባል፤ በዚያ ጊዜ የተቀዳውም ድምፅ ከንግግሩ ጋር አይገጥምም። የመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ሰው ሲደላደል፣ ወንበር ሲንቋቋ፣ አንዱ ጉሮሮውን ሲጠርግ ያልፋሉ። ስለዚህ ከአንዱ ደቂቃ ለሥራ የሚውለው 40 ሴኮንድ ቢሆን ነው፤ እሱም ለአብዛኛው ዝግጅት ይበቃል። ቡና እየተቆላ ከሆነ ደግሞ ባለቤቷን አስፈቅዶ ጥቂት ማቆየት ይሻላል። የሙቀጫ ምት በተፈለገው ቦታ ሁሉ ለመቁረጥ የማይመች ድምፅ ነው።

ቀጥሎ ያለው ሥራ በኮምፒውተር ላይ ነው። በስድስተኛው ደቂቃ የገበሬው ስልክ ጠርቷል። ገበሬው ንግግሩን አቋርጦ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ዐረፍተ ነገሩን እንደገና ጀምሯል። አቀናባሪው ከመጨረሻው ሙሉ ዐረፍተ ነገር እስከ አዲሱ ጅማሬ ያለውን ያወጣል። ሁለቱን ጫፎች እንዲሁ ቢያገናኛቸው ባዶ ቦታ አይኖርም፤ ነገር ግን ገበሬው ትንፋሽ ሳይወስድ ሮጦ የተናገረ ይመስላል። ባዶውን ቢተወው ደግሞ ቀዳዳው ይሰማል። ስለዚህ መጀመሪያ ገበሬው በሌሎቹ ዐረፍተ ነገሮቹ መካከል ምን ያህል እንደሚያርፍ ይመለከታል። ዕረፍቱ ከአንድ ሴኮንድ ጥቂት የሚያንስ ከሆነ፣ ያንኑ ያህል የክፍል ድምፅ በመካከል ያስገባል።

የሚገባው ድምፅ ከሁለቱም ጫፎች ጋር በጣም በትንሹ ይደራረባል፤ የሴኮንድ ሃምሳኛ ያህል ይበቃል። በዚያች ቅጽበት አንዱ እያነሰ ሌላው እያደገ ይተላለፋሉ። ይህ ካልተደረገ መገጣጠሚያው ላይ እንደ ጥፍር ምት ያለች «ቀጭ» የምትል ድምፅ ትሰማለች። የቃሉ ጫፍ እንዳይቆረጥም ጥንቃቄ ያሻል። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር በግሥ ይዘጋል፤ በግሡ መጨረሻ ላይ የተናጋሪው ድምፅ ዝቅ ስለሚል የመጨረሻዋ ፊደል ከዝምታው ጋር ተቀላቅላ በቀላሉ ትወጣለች። «ነው» ተብሎ ሳይዘጋ የቀረ ንግግር ከቀዳዳ ይልቅ ጆሮ ይጎረብጣል።

በአማርኛ ቃለ ምልልስ ደጋግሞ የሚያስቸግር ሌላም ነገር አለ። አድማጭ መስማማቱን ለመግለጽ አየር ወደ ውስጥ ስቦ «እ» ማለቱ የተለመደ ነው። ገበሬው ስለ ነቀዙ ባወራ ቁጥር ጋዜጠኛው እንዲህ ካደረገ፣ ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ጨዋነት የሆነው ነገር በሬዲዮ ላይ ሰው የደነገጠ ይመስላል። ድምፁ በዐረፍተ ነገሮች መካከል ከወደቀ፣ ተቆርጦ በእኩል ርዝመት የክፍል ድምፅ ይተካል፤ የገበሬው አነጋገር ሳይዛባ ይቀራል። በቃሉ ላይ ከወደቀ ግን መፍትሔ የለውም። ልምድ ያለው ጋዜጠኛ በጭንቅላቱ ብቻ የሚነቀንቀው ለዚህ ነው።

የክፍል ድምፅ አጭር ከሆነና ረጅም ቦታ ለመሙላት ከተደጋገመ ራሱን ያጋልጣል። በሁለት ሴኮንድ ቁራጭ ውስጥ አንዲት ወፍ ብትጮኽ፣ ቁራጩ አምስት ጊዜ ሲደገም ወፊቱ በየሁለት ሴኮንዱ በአንድ ዓይነት ድምፅ ትጮኻለች። አድማጩ ምን እንደሆነ ባያውቅም አንድ ነገር እየተሽከረከረ መሆኑ ይሰማዋል። ከአንዱ ደቂቃ የተለያዩ ቦታዎችን እየወሰዱ መቀጠል የተሻለ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ከንግግሩ ጀርባ ያለው ድምፅ በመካከል ሲለወጥ ነው። በምሳሌው ቤት አቅራቢያ ወፍጮ ቤት አለ እንበል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች የወፍጮው ሞተር ይሰማ ነበር፤ ከዚያ ቆመ። አቀናባሪው በሦስተኛው ደቂቃ የተሰጠውን መልስ በዘጠነኛው ደቂቃ ከተሰጠው ጋር ሲያገናኛቸው ወፍጮው በአንድ ቃል ላይ ድርቅ ብሎ ይቆማል። በከተማም መብራት ሲጠፋ ይኸው ይደርሳል። የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ሲቆም የቤቱ ዝምታ ሌላ ዝምታ ይሆናል። በመጨረሻ የተቀዳው አንድ ደቂቃ ወፍጮው ከቆመ በኋላ ስለሆነ ለመጀመሪያው ክፍል አያገለግልም። ጋዜጠኛው ለውጡን እንደሰማ ንግግሩ ዐረፍ ባለበት ለጥቂት ሴኮንዶች ዝም ማለት፣ ወይም ወፍጮው ገና ሳይቆም ከውይይቱ በፊት መቅዳት ነበረበት።

ይህ ካልተደረገ ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የንግግር ዕረፍቶች የወፍጮውን ድምፅ ለቅሞ ማገጣጠም ይቻላል። የተለቀመው ድምፅ በሁለተኛ ትራክ ላይ ተቀምጦ ከመገጣጠሚያው አልፎ በሁለተኛው መልስ ሥር አራት ወይም አምስት ሴኮንድ ይቀጥላል፤ ቀስ እያለም ይጠፋል። አድማጩ ወፍጮው የራቀ ይመስለዋል እንጂ የተቆረጠ አይመስለውም። በሁለቱ መልሶች መካከል የጋዜጠኛውን አንድ ዐረፍተ ነገር ማስገባት ግን ከዚህም ይቀላል፤ ቦታ መለወጡን አድማጩ ራሱ ይቀበለዋል።

በእጅ ስልክ የተቀዳ ድምፅ የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ስልኮች ሰው ዝም ሲል መጠኑን በራሳቸው ከፍ ያደርጋሉ፤ ሲናገር ዝቅ ያደርጉታል። የቤቱ ድምፅ በእያንዳንዱ ዕረፍት እንደ ማዕበል ይነሣል፤ የተቀዳው አንድ ደቂቃም ከንግግሩ ሥር ካለው ይልቅ ጎልቶ ይገኛል። ሌሎች ስልኮች ደግሞ ከሰው ድምፅ ውጭ ያለውን ሁሉ ያጠፋሉ፤ ያን ጊዜ የሚቀዳ የክፍል ድምፅ አይኖርም። ቢቻል ሁለቱንም ከስልኩ ማስተካከያ ማጥፋት ያስፈልጋል።

የተጠናቀቀው ሥራ በጆሮ ማዳመጫ መፈተሹ የግድ ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። ሬዲዮ ጣቢያዎች በሚያሠራጩበት ጊዜ ደካማውን ድምፅ ከፍ፣ ኃይለኛውን ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ ይጠቀማሉ። በስቱዲዮ ያልተሰማ የመጠን ልዩነት በአየር ላይ ሊጎላ ይችላል። የክፍል ድምፁ ከንግግሩ ሥር ካለው ጋር በትክክል መመጣጠኑ የሚለየው ዐይን ተጨፍኖ፣ መቆረጫውን ቦታ ሳይጠብቁ፣ ከአንድ ደቂቃ ቀደም ብሎ ጀምሮ በማዳመጥ ነው።

መገጣጠሚያው በደንብ ከተሸፈነ ማንም አይሰማውም፤ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። አንድ ገበሬ «ማዳበሪያው ደርሶናል፤ የደረሰው ግን የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው» ቢል፣ ከ«ደርሶናል» በኋላ ቆርጦ ሦስት አራተኛ ሴኮንድ የቤቱን ድምፅ ማስገባት በቅንብር ረገድ ቀላል ሥራ ነው። ገበሬው የተደሰተ ሰው ሆኖ ይሰማል፤ አድማጩም አንዳች አይጠረጥርም። ከሌላ ቦታ የተቀዳ የገበያ ግርግር ወይም የዝናብ ድምፅ በዜና ቃለ ምልልስ ሥር ማስገባትም ያልነበረን ነገር እንደነበረ ማሳየት ነው። በድራማ ይፈቀዳል፤ በዜና ግን አይፈቀድም። ተናጋሪው ስለ ጠፋ ሰብሉ ተጠይቆ አራት ሴኮንድ ዝም ካለ ያ ዝምታ የመልሱ ክፍል ስለሆነ አይነካም፤ የክፍል ድምፅም አያስፈልገውም፤ ዶሮዎቹና የጣሪያው ድምፅ እዚያው አሉ።