የጂንስ ሱሪና የፍየል ቆዳ ቀበቶ

የጥጥ ዴኒም፣ መዳብ፣ የመዳብ ቅብ ብረት፣ የፍየል ቆዳ
20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም
መተማ ዮሐንስ፣ ምዕራብ ጎንደር

ሱሪው በሳልቫጅ ገበያ የሚሸጠው ዓይነት ነው። በመተማ ቆላ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚመጡ የቀን ሠራተኞችም እንዲህ ያለውን ይለብሳሉ።

በኪሱ ጥግ ያሉት ትናንሽ የብረት ጉጦች ሪቬት ይባላሉ። ስፌቱ በሚሳብበት ቦታ ጨርቁ እንዳይተረተር ያደርጋሉ። ሐሳቡ የአሜሪካዊው ልብስ ሰፊ የጃኮብ ዴቪስ ሲሆን፣ እሱና ነጋዴው ሌቪ ስትራውስ በ1873 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አግኝተውበታል።

በመጀመሪያው ፎቶ ሁለት ሪቬቶች ጎን ለጎን ይታያሉ። የግራው ሙሉ መዳብ ነው፤ ላብ ሲነካው ቡናማ ሆኗል፣ በጠርዙም አረንጓዴ ዝገት ይዟል። በላዩ ያለው ጽሑፍ በማተሚያ ብረት ተመትቶ የገባ ስለሆነ የፊደሎቹ ጠርዝ ስለታም ነው። የቀኙ ግን መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ቅቡ በተፋቀበት በኩል ቀይ ዝገት ወጥቶበታል፤ ማግኔትም ይስበዋል። ማግኔት የማይስበው ሁሉ ግን መዳብ አይደለም፤ የተቀባ ነሐስም አይሳብም።

ሁለተኛው ፎቶ የቀበቶውን ገጽ ያሳያል። የፍየል ቆዳ የጠጉር ቀዳዳዎች ተቧድነው በረድፍ ይታያሉ፤ የከብት ቆዳ ቀዳዳዎች ግን ደቃቅና እኩል የተበተኑ ናቸው። በማሽን የታተመ ገጽ ቢሆን ኖሮ አንዱ ቅርጽ በየተወሰነ ርቀት ሳይለወጥ ይደገም ነበር። እዚህ አይደገምም። የቀበቶው ዘለበት በኋላ የተቀየረ ነው።